ሜትፎርሚን፦ የሆድ ሕመሙ የሚታለፍበት፣ ክኒኑ የሚቆምበት ጊዜ

የስኳር ሕመምተኞች ሜትፎርሚንን በራሳቸው ፈቃድ ሲያቆሙ ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሆዳቸውን አውኳቸዋል፣ ወይ ደግሞ "ይህ ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል" ሲባል ሰምተዋል። ሁለቱም ምክንያቶች እውነት የሚነካካቸው ቢሆኑም ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው የሆድ መታወክ በአብዛኛው በአወሳሰድ የሚስተካከል ነው። ኩላሊትንም ቢሆን ሜትፎርሚን አይጎዳም፤ ኩላሊት በሌላ ምክንያት ሲደክም ግን ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣበት መንገድ ይጠበዋል። በአንጻሩ ብዙ ሰው ተቅማጥና ትውከት ጥሎት አልጋ ላይ በዋለበት ቀን "ስኳሬ እንዳይጨምር" ብሎ ክኒኑን ይውጣል። መቆም የነበረበት ግን በዚያው ቀን ነበር። ይህን የተገለበጠ አረዳድ ለማስተካከል ክኒኑ ሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ከመግቢያው እስከ መውጫው መከተል ይበጃል።

በአንጀት ገብቶ በኩላሊት ይወጣል

ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት በተለይ ሌሊት ላይ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጉበት ደግሞ ከሚገባው በላይ ይለቃል። ክኒኑ ይህን ይቀንሳል። ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ ብሎ ስለማያስገድድ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን አለልክ የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ከብዙ መድኃኒቶች የሚለየው አንድ ጠባይ አለው። ጉበት አይሰባብረውም። እንደገባ ሆኖ በደም ይዞርና እንዳለ በሽንት ይወጣል። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በ6 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከአንጀት ወደ ደም ካለፈው ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ በአንድ ቀን ውስጥ በኩላሊት ተጠርጎ ያልቃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ችግር የሚፈጥርባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ሲገባ አንጀት፣ ሲወጣ ኩላሊት። የአንጀቱ ችግር የሚሰማ፣ የሚያስቸግር፣ ግን በአብዛኛው የማይጎዳ ነው። የኩላሊቱ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

"ከምግብ ጋር" ሲባል

የክኒኑ ማሸጊያ ላይ "ከምግብ ጋር" ተብሎ የሚጻፈው ምግብ የመድኃኒቱን መግቢያ ስለሚያዘገየው ነው። ባዶ ሆድ ላይ የተዋጠ ክኒን በአንድ ጊዜ ይሟሟና አንጀት ግድግዳ ላይ ይከመራል። ምግብ ሲኖር ግን ቀስ እያለ ይገባል፤ ደም ውስጥ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠንም ይቀንሳል። ወደ ደም የሚገባው ጠቅላላ መጠን በመጠኑ ቢያንስም ሥራውን አያጎድልበትም።

በተግባር ትክክለኛው ጊዜ ማዕዱ መሐል ላይ ወይም በልተው እንደጨረሱ ነው። እጅ ከመታጠብ በፊት ውጦ ምግቡ እስኪቀርብ መጠበቅ ለሆድ ከባዶ ሆድ ብዙም አይሻልም። እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፤ ጠዋት ቡና ተፈልቶ፣ ከጭብጥ ቆሎ ጋር ክኒኑ ይዋጣል፣ ቁርሱ ግን ገና ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚበላው። ቡናና ጭብጥ ቆሎ ለዚህ ጉዳይ ምግብ አይባሉም። ክኒኑ እንጀራው፣ ገንፎው ወይም ዳቦው እስኪበላ ይጠብቅ። ቁርስ የማይበላ ሰው ደግሞ የጠዋቱን ክኒን ወደ ምሳ ቢያዞረው ይሻለዋል። የተረሳ ክኒን በሚቀጥለው ማዕድ ላይ አይደረብም፤ ያለፈው አልፏል፣ በተለመደው መጠን ይቀጥላል።

በጾም ወቅት ሰዓቱ ይዘዋወራል። በዐቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆዱ መዋጥ የለበትም፤ አንዱን ከ9 ሰዓቱ ማዕድ፣ ሌላውን ከማታው ራት ጋር ሊያደርገው ይችላል። በረመዳን፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው አንዱን ከኢፍጧር፣ ሌላውን ከሱሁር ጋር ያደርጋል። ይህ ቀላል ዝውውር የሚሠራው ሜትፎርሚንን ብቻ ለሚወስድ ሰው ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን አብሮ ያለበት ሰው ስኳሩ ጾም ላይ ሊወድቅበት ስለሚችል፣ ጾሙ ሳይገባ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መከለስ አለበት። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋሉ ራሱ ተጨማሪ ጫና ስለሆነ ይህን አስቀድሞ ይናገር።

ሆድ ሲታወክ

ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም፦ እነዚህ የሜትፎርሚን የታወቁ ጠባዮች ናቸው። ክኒኑ አንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚከማችበት መጠን ደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ሆኖ የሐሞት ጨው ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ተሕዋስያንም ይለውጣል፤ ተቅማጡ በከፊል ከዚህ ይመጣል። አንጀት በጊዜ ይለምደዋል። ልምዱ የሚመጣው ግን መጠኑ ቀስ እያለ ሲወጣ ነው።

ብዙ ጊዜ ሰውን ከክኒኑ ጋር የሚያጣላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ መጠን መጀመሩ ነው። ሆድን የሚያከብረው አካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ከራት በኋላ ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከቁርስ፣ አንድ ከራት ጋር። ስኳሩ ካልወረደና ሐኪሙ ካዘዘ በሦስተኛው ሳምንት ራት ላይ ሁለት ይሆናል፤ በአራተኛው ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ሆኖ 2000 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በመሐል ሆድ ካመፀ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይመለሱና ሳምንት ሁለት ሳምንት እዚያው ይቆያሉ፤ ሲረጋጋ እንደገና ይሞከራል። ለዚህ መዘግየት የሚከፈል ትልቅ ዋጋ የለም። 1000 ሚሊ ግራም ላይ የሚጸና ሰው 2000 ተሰጥቶት ከሚጥለው ሰው የተሻለ ይታከማል።

ይህም ካልሠራ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው የሜትፎርሚን ዓይነት አለ። ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ከራት ጋር ይወሰዳል፤ ሆድን የሚያውከውም ያነሰ ነው። ክኒኑ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቅ ሆኖ ስለተሠራ አይፈጭም፣ አይሰበርም፣ አይታኘክም። ከተፈጨ መድኃኒቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ የተገዛበትም ምክንያት ይጠፋል። ባዶው ቅርፊት በሰገራ ውስጥ ክኒን መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን አስቀድሞ ገብቷል፣ ስለዚህ አያስደነግጥ። ይህን ሁሉ ሞክረው እንኳ የማይስማማቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይመርጣል።

ሆዱ የክኒኑ ጉዳይ ያልሆነበት ቀን

የሜትፎርሚን የሆድ መታወክ የሚመጣው ክኒኑ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨመር ነው። ወራትና ዓመታት በሰላም ሲወስድ የኖረ፣ መጠኑም ያልተለወጠ ሰው ድንገት ተቅማጥና ትውከት ቢይዘው "ያው ክኒኑ ነው" ማለት የለበትም። ያኔ ነገሩ ሌላ ነው፤ የተበከለ ምግብ፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም የከፋ ነገር።

የዚያን ቀን ክኒኑ መቆም ያለበት ለምን እንደሆነ ከመንገዱ ማየት ይቻላል። በተቅማጥና በትውከት ውኃ ሲያልቅ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ማጣራቱም ይወርዳል። ክኒኑ በየማዕዱ መግባቱን ከቀጠለ የሚገባው ሳይቀንስ የሚወጣው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይከማቻል። ሜትፎርሚን ጉበት ላይ የሚሠራው ሥራ አንዱ ገጽታ ላክቲክ አሲድ ወደ ስኳር እንዳይለወጥ ማገድ ነው። በተለመደው መጠን ይህ ችግር አይሆንም። መድኃኒቱ ሲከማችና ሰውነት በሕመም ሲዳከም ግን አሲዱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ላክቲክ አሲዶሲስ ይባላል፤ እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያጋጥም ቢሆንም ሲያጋጥም ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ መጀመሪያ ላይ የተለመደ ድካም ይመስላሉ፦ ከባድ የአቅም ማጣት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት። ሲበረታ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ ሰውየው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ገላው ይቀዘቅዛል። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ታሞ ሳለ ትንፋሹ ያለ ሥራ እንዲህ ከፈጠነ ቤት አይጠበቅም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል፣ የክኒኑም ማሸጊያ አብሮ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ጠላ ወይም አረቄ መጠጣትም ጉበት ላክቲክ አሲድን የሚያስወግድበትን አቅም ስለሚወስድ ይህን አደጋ ያባብሰዋል።

የኩላሊቱ ቁጥር

ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገመተው ደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን ነው። ይሁንና ክሪያቲኒን ብቻውን ያሳስታል። ምንጩ ጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻው ያነሰ አረጋዊ ኩላሊቱ ደክሞ ሳለ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ30 ዓመት ወንድና የ62 ዓመት ሴት ክሪያቲኒናቸው እኩል 1.4 ነው። ዕድሜና ፆታ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ የወጣቱ የማጣራት አቅም 69፣ የሴትየዋ ግን 43 ይሆናል። ይህ ስሌት በምርመራ ወረቀት ላይ ኢጂኤፍአር ተብሎ ይጻፋል፤ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚጣራ የሚናገር ግምት ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2016 የሜትፎርሚንን ወሰን ከክሪያቲኒን ወደዚህ ስሌት ያዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወሰኖቹ እንዲህ ናቸው። ከ60 በላይ ከሆነ ክኒኑ እንዳለ ይቀጥላል፣ ኩላሊት በዓመት አንዴ ይታያል። ከ45 እስከ 60 ሲሆንም ይቀጥላል፤ ምርመራው ግን በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ይሆናል። ከ30 እስከ 45 ባለው ውስጥ ላልጀመረ ሰው አይጀመርም፤ የጀመረ ከሆነ ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ያደርጋል። ከ30 ሲወርድ ይቆማል።

እነዚህ ወሰኖች በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሠሩ እንይ። ከላይ የጠቀስናቸው የ62 ዓመት እናት ሜትፎርሚን ጠዋት 1000፣ ማታ 1000 ይወስዳሉ እንበል፤ ለደም ግፊታቸው ደግሞ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ባለፈው ዓመት ክሪያቲኒናቸው 0.9 ነበር፤ ሲሰላ 73 ገደማ። ዘንድሮ 1.4 ሆኖ መጣ፤ 43። በአንድ ዓመት እንዲህ መውረድ ለስኳር ሕመም ብቻ ፈጣን ነውና፣ መጠየቅ ያለበት መጀመሪያ "ምን ተጨመረ?" የሚለው ነው።

"እናቴ፣ ከታዘዘልዎ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

"ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ ነዋ ልጄ። እሱን ካልዋጥኩ ቆሜ ማስቀደስ አልችልም።"

ቁልፉ እዚህ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን የደም ሥር ያጠብቡታል፤ ኢናላፕሪል በመውጫው በኩል ያለውን ያሰፋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ከሰውነት ውኃ ያስወጣል። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ማጣራቱም ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ የሚቆመው ዳይክሎፌናኩ ነው፤ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይተካል። ሜትፎርሚን ለጊዜው በግማሽ ተቀንሶ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ይሆናል፣ በሁለት ሳምንት ደም እንደገና ይታያል። ያኔ ክሪያቲኒኑ ወደ 1.2 ቢመለስ ስሌቱ 51 ይሆናል። ከ45 በላይ ስለሆነ ክኒኑ ይቀጥላል፤ ስኳሩ በ1000 ከተገራ መጨመር አያስፈልግም፣ ምርመራው ግን በየሦስት ወሩ ይሆናል። ቁጥሩ ባይመለስና ለሦስት ወር ዝቅ እንዳለ ቢቆይ የጸና የኩላሊት ድካም ማለት ነው። ከ30 ቢወርድ ደግሞ ያለ ክርክር ይቆማል።

እኚህ እናት ከጥቂት ወራት በኋላ ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው እንበል። ውኃ እንኳ አይረጋላቸውም። የ51 ኩላሊት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከ30 በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ቀን ሜትፎርሚኑ አይሰጣቸውም። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣሉ፣ ስኳራቸው ቤት ውስጥ ከተቻለ ይለካል፣ ስለ ኢናላፕሪሉና ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ እነሱም ለጊዜው ይቆማሉ። ሽንት ካነሰ ወይም ትውከቱ ካላቆመ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እንደ ወትሮው መብላትና መጠጣት ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በኋላ ክኒኑ ይመለሳል፤ ኩላሊታቸው የደከመ ስለሆነ ግን ከመመለሱ በፊት ደም ማየቱ የተሻለ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የሚቆመው ሜትፎርሚን እንጂ ኢንሱሊን አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባይበላ እንኳ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክላል እንጂ በራሱ አያቋርጠውም።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ሁለት ጊዜያት አሉ። አንዱ ምግብና ውኃ የሚያስከለክል ቀዶ ሕክምና ነው። ሌላው በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው፤ የማጣራት አቅሙ ከ30 እስከ 60 የሆነ ሰው፣ ወይም የጉበት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም የአልኮል ሱስ ያለበት ሰው በምርመራው ቀን ክኒኑን አይወስድም። ከ48 ሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ታይቶ ደህና ከሆነ ይመለስለታል። ቀጠሮ የሚጽፈው ሰው ካልጠየቀ ታካሚው ራሱ "ሜትፎርሚን እወስዳለሁ" ማለት አለበት።

ሲቆም ምን ይተካዋል?

ሜትፎርሚን በኩላሊት ምክንያት ሲቆም ቤት ውስጥ የቀረውን ግሊቤንክላማይድ መጨመር የሚቀናቸው አሉ። ይህ ከተወገደው አደጋ ወደሚብስ አደጋ መግባት ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈልቅ ያስገድዳል፣ ውላጆቹም በኩላሊት ስለሚወጡ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ውስጥ ይቆያሉ። ስኳር ሌሊት ላይ ይወድቃል፣ ተነስቶም ደጋግሞ ሊወድቅ ይችላል። ኢንሱሊንም ቢሆን ኩላሊት ሲደክም ከሰውነት የሚወገደው ስለሚዘገይ ቀድሞ ከሚበቃው ያነሰ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ሜትፎርሚን በቆመበት ቀን ሌሎቹም መድኃኒቶች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

ለታካሚውና ለቤተሰቡ ከዚህ ሁሉ በእጅ የሚቀር አንድ ሥራ አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ "ኩላሊቴ ደህና ነው?" ብሎ ከመጠየቅ "የማጣራት አቅሜ ስንት ነው? ባለፈው ስንት ነበር?" ብሎ መጠየቅና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በክትትል ካርዱ ላይ ማጻፍ ነው። "ደህና" የሚለው መልስ 90ንም 46ንም ያቅፋል። ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ግን መውረዱ ይታያል፣ የተጨመረው የጉልበት ክኒንም ይጠየቃል፣ ሜትፎርሚኑም መጠኑ የሚቀነስበት ጊዜ ሳያልፍ ይደረስበታል።